ፖል ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ፖልን የገደልኩት በመስኮት ወጥቼ ነው። እጄን አላነሳሁበትም። ራሱ ነው "በመስኮት ውጣ" ያለኝ። ታላቅ ወንድም ሲናገር ይሰማል፤ እኔም ሰማሁ፤ ወጣሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አስከሬኑን ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት።

ጌሙ ዴውስ ኤክስ ነው። አይዮን ስቶርም የሚባለው ድርጅት የኦስቲን ቢሮ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። ታሪኩ በ2052 ነው። ተጫዋቹ ጄሲ ዴንተን የሚባል የጸረ ሽብር ወኪል ነው፤ ፖል ደግሞ ታላቅ ወንድሙ። ፖል የሚሠሩበትን ድርጅት ከድቶ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሆቴል ተደብቋል። ወታደሮቹ ይመጡበታል። ያን ጊዜ ነው "አንተ ሂድ፣ እኔ አቆማቸዋለሁ" የሚለው።

ይህን ጌም ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ኮምፒውተር ነበር የተጫወትነው። እሱ ቀን፣ እኔ ማታ። እያንዳንዳችን የራሳችን ሴቭ፣ ማለትም የደረስንበትን የሚያስቀምጥ ፋይል፣ ነበረን። አንድ ቀን ስለ ፖል ሞት እያዘንኩ ስነግረው ግራ ገብቶት አየኝ። "ፖል እኮ አልሞተም" አለኝ። ሴቩን ከፈተልኝ። ፖል ቆሞ ያወራል። ወንድሜ ምክሩን አልሰማም ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ቀርቶ፣ ከወታደሮቹ ጋር ተታኩሶ፣ በዋናው በር ነው የወጣው። ጌሙ ይህን አስቦበት ነበር ማለት ነው። ግን አንድም ቦታ ላይ "ወንድምህን ማዳን ትችላለህ" ብሎ አይነግርህም።

ከዚያ በ2003 መጨረሻ ሁለተኛው ክፍል፣ ኢንቪዝብል ዋር፣ ወጣ። ታሪኩ ሃያ ዓመት አልፎ 2072 ላይ ነው። እኛ እጅ የገባው ቆይቶ ነው። እዚያ ፖል አለ። በሕይወት አለ። ካይሮ ውስጥ በቅዝቃዜ እንቅልፍ ተኝቷል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ አንድ ነገር ከእጄ የተወሰደብኝ መሰለኝ። ያ ስሜት ነው ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ።

አንድ ጌም ብዙ ፍጻሜ ካለው፣ ተከታይ ክፍል ሲመጣ "የቱ ነው በእውነት የሆነው?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተጫዋቾች "የቱ ነው ካነን?" ይላሉ። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀኖና ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አንድ መጻሕፍት ትቆጥራለች፤ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ከነሱ ውስጥ ናቸው። አብዛኞቹ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እነዚህን ሁለቱን አይቆጥሩም። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ ልዩነቱ ማን ተቀበለው የሚለው ነው። ግን በእኛ ቋንቋ ቀኖና ሌላም ትርጉም አለው። ሰው ኃጢአቱን ተናዞ ከንስሐ አባቱ የሚቀበለውም ቀኖና ይባላል። ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጌም መጨረሻ እንሂድ። የመጨረሻው ቦታ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ያለው ኤሪያ 51 ነው። ቦብ ፔጅ የሚባል ባለሀብት ከሄሊዮስ ጋር ሊዋሃድ ተዘጋጅቷል። ሄሊዮስ የዓለምን መገናኛ ሁሉ የሚቆጣጠር ግዙፍ የማሽን አእምሮ ነው። ፔጅን ማስቆም አለብህ። እንዴት እንደምታስቆመው ግን ሦስት ወገኖች በየተራ በሬዲዮ እየጠሩ ይለምኑሃል።

ሞርጋን ኤቨረት ፔጅን ግደለውና ከእኛ ጋር ዓለምን በስውር ምራ ይላል። እሱ ኢሉሚናቲ ነው። ለዚህ ለፔጅ ኃይል የሚያቀብሉትን አራት ሰማያዊ ሪአክተሮች ታጠፋለህ። ትሬሰር ቶንግ ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ሰው ነው። እሱ የሚለው ቦታውን ሁሉ አፈንዳው ነው። የዓለም መገናኛ የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ፣ ሲፈነዳ ሁሉም ይቋረጣል፤ ሰው ተመልሶ በትንንሽ ከተሞች ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። ሄሊዮስም ራሱ ይናገራል። ፔጅን አልፈልገውም፣ አንተን ነው የምፈልገው፤ ተዋህደን በጥበብ እንግዛ ይላል።

እኔ ሄሊዮስን መረጥኩ። ወንድሜ ቶንግን። በዚህ ለሳምንታት ተከራክረናል። እሱ "ማንም ሰው አምላክ መሆን የለበትም" ይል ነበር። እኔ ደግሞ "መብራትና ስልክ አጥፍተህ ስንት ሰው ልትገድል ነው?" እለው ነበር። ሐኪም ቤት ያለ መገናኛ እንዴት ይሠራል? እህል ከወደብ እንዴት ይነሳል? እሱም ያውቀዋል፤ መልስ አልነበረውም። ግን ምርጫውን አልቀየረም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የፖል ጉዳይና የኤሪያ 51 ጉዳይ አንድ ዓይነት ምርጫ አይደሉም። ሦስቱ ፍጻሜዎች በአንድ ቦታ ውስጥ ናቸው፤ በየክፍሉ ትንሽ ትንሽ ከመሮጥ በቀር አይራራቁም። አብዛኛው ተጫዋች እዚያ ሲደርስ ሴቭ ያደርግና ሦስቱንም በአንድ ምሽት ያያቸዋል። እኔም አይቻቸዋለሁ። የፖል ሞት ግን እንደዚያ አይደለም። ሳታውቀው ይሆንብሃል፤ ከዚያ ብዙ ሰዓት ከሞቱ ጋር ትጓዛለህ። ስለዚህ "የእኔ ፍጻሜ" ብዬ የያዝኩት ሄሊዮስን ብቻ አይደለም። ሄሊዮስን የመረጠው ወንድሙ የሞተበት ጄሲ ነው። ለእኔ ሁለቱ ይያያዛሉ። ማንም የቀረው ሰው የሌለው ሰው ነው ከማሽን ጋር ለመዋሃድ እሺ ያለው።

ሁለተኛውን ክፍል የመሩት ሃርቪ ስሚዝ ናቸው። በመጀመሪያውም ዋና ዲዛይነር ነበሩ። ስለዚህ ታሪኩን የማያውቅ ሰው አልነካካውም። ችግሩ ሌላ ነው። ሦስቱ ፍጻሜዎች ሦስት የተለያዩ ዓለሞች ይወልዳሉ። በኤቨረት መንገድ ዓለም እንደነበረች ትቀጥላለች፣ ጌታዋ ብቻ ይቀየራል። በቶንግ መንገድ መረብም ትልልቅ መንግሥታትም የሉም። በሄሊዮስ መንገድ ሁሉን የሚያይ አንድ አእምሮ ይገዛል። ተከታዩ ሲያትል ላይ አንድ መንገድ ቢሠራ፣ ያ መንገድ ለሦስቱ ሦስት ዓይነት መሆን አለበት። ግድግዳው፣ ሱቁ፣ ሰው የሚያወራው ሁሉ ይለያያል። ድምፅ የሚቀዱት ተዋንያን ሦስት ጊዜ ይቀዳሉ። ያንን የሚችል በጀት የለም።

ስለዚህ ሦስቱንም ደባለቋቸው። ጄሲ ከሄሊዮስ ጋር ተዋህዷል። ኤሪያ 51ም ፈንድቷል፣ መገናኛው ተቋርጧል፤ ያንን ዘመን "ውድቀቱ" ይሉታል። ኢሉሚናቲም ተመልሷል። በዚያ ዓለም ሁለት ትልልቅ ኃይሎች ይጣላሉ፤ አንዱ የንግድ ድርጅት ነው፣ ሌላው የሃይማኖት ተቋም። ኋላ ላይ ሁለቱንም ከላይ የያዛቸው ኢሉሚናቲ መሆኑ ይገለጣል። መሪዎቹም በመጀመሪያው ጌም ፓሪስ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ናቸው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ማንም ተጫዋች "የእኔ አልሆነም" አይልም። የሁሉም ሆኗል። እስኪ ግን አንድ በአንድ እንየው።

የእኔ ሄሊዮስ ምን ሆነ? ውህደቱ አልሠራም። የጄሲ ሰውነት አልተቀበለውም። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታሞ ተኝቷል፤ አዲሱ ገጸ ባህሪ አሌክስ መጥቶ ይቀሰቅሰዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልገዛም። በጥበብ ይገዛል የተባለው ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ እንኳ አልታየም። የወንድሜስ? መገናኛው ተቋረጠ፣ ሕዝብ ተራበ፣ ኢኮኖሚው ወደቀ። ዋጋው ተከፈለ። የተከፈለበት ነገር ግን አልመጣም። ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ትንንሽ ከተሞችን አላየንም። ያየነው የንግድ ድርጅቱ ያጠራቸውን የታጠሩ ሰፈሮች ነው። ከሁሉ የገረመኝ ቶንግ ራሱ ነው። ሁሉን አፈንዳው ያለው ሰው፣ አሁን ከጄሲና ከፖል ጋር ሆኖ ለሄሊዮስ እቅድ ይሠራል። ወንድሜ ይህን ሲያይ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ተነሳ። "ይሄ ቶንግ አይደለም" አለ።

የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ድብልቁ ከየፍጻሜው የሆነውን ነገር ወሰደ። ፍንዳታውን ወሰደ፣ ውህደቱን ወሰደ፣ ኢሉሚናቲን ወሰደ። የተፈለገበትን ምክንያት ግን ከሦስቱም አወጣ። ምርጫ ድርጊት ብቻ አይደለም። አንዱን ስትመርጥ ሌላውን ትተሃል። ሄሊዮስን ስመርጥ ነፃነትን ትቻለሁ፣ ይህንንም አውቄ ነው ያደረግኩት። ሁሉም ሆነ ከተባለ ምንም አልተውኩም ማለት ነው። የንስሐው ቀኖና የሚመጣው እዚህ ነው። ያኛው ቀኖና "ይህን አድርገሃል፣ ስለዚህ ይህን ትከፍላለህ" ይላል። እኔ ከተከታይ ክፍል የምጠብቀው ያንን ነው። የእኔን ፍጻሜ ባይመርጥ እንኳ አንዱን መርጦ ዋጋውን ቢያስከፍል እቀበለዋለሁ።

ሦስቱንም እውነት ማድረግ በራሱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ከዚያ በፊት የወጣ ዳገርፎል የሚባል ጌም አለ፤ የኤልደር ስክሮልስ ሁለተኛ ክፍል፣ በ1996 ቤተስዳ የሠራው። እዚያ ኑሚዲየም የሚባል ግዙፍ የነሐስ ሰው አለ። እሱን የሚያዝዘውን ቶተም ለማን እንደምትሰጥ ትወስናለህ። ለንጉሠ ነገሥቱ ወኪሎች፣ ለአንዱ ንጉሥ ወይም ንግሥት፣ ለኦርኮች፣ አምላክ መሆን ለሚፈልግ ጠንቋይ፣ ወይም ማረፍ ለሚፈልግ ሕያው ሙት። ምርጫዎቹ እርስ በርስ አይታረቁም።

ተከታዮቹ ጌሞች ሁሉም ሆነ አሉ። ግን አልደበቁትም። በዚያ ምድር ለጥቂት ቀናት ጊዜ ራሱ ተሰበረ ብለው ጻፉ። ኋላ ላይ በሚገኙ የጌሙ ውስጥ መጻሕፍት ሰዎች ስለዚያ ይጽፋሉ። ከአርባ በላይ የነበሩ ትንንሽ ግዛቶች በአንድ ጀምበር አራት ሆነው ተገኙ። ማታ የተኛ ወታደር ጠዋት ሲነሳ ጦርነቱ አልቆ አገኘው፤ እንዴት እንዳለቀ የሚናገር የለም። ኦርኮቹ አገር አገኙ። ጠንቋዩ አምላክ ሆነ። ሕያው ሙቱም አረፈ። ማንም ግን እንዴት ሁሉም አንድ ላይ እንደሆነ አያውቅም፤ ባለሥልጣናቱም "ተአምር" ብለው አለፉት።

ይህ ለምን ደስ እንደሚለኝ አስቤበታለሁ። ዳገርፎል ላይ እያንዳንዱ የፈለገውን በእርግጥ አገኘ። አንዱም አልተጨናገፈም። መደባለቁ ደግሞ በዓለሙ ላይ ጠባሳ ጥሎ አለፈ። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው ግራ ገብቷቸዋል፣ ፈርተዋል፣ ይከራከራሉ። እኔና ወንድሜ ስንከራከር እንደነበረው። ኢንቪዝብል ዋር ላይ ግን ማንም አይገረምም። ሦስት የማይታረቁ ነገሮች አንድ ሆነው፣ አንድም ሰው "ይህ እንዴት ሆነ?" ብሎ አይጠይቅም።

ተጫዋቹን መጠየቅም አለ። በ2015 የወጣው ዊቸር የሚባለው ጌም ሦስተኛ ክፍል መጀመሪያ አካባቢ ዋናው ገጸ ባህሪ ጌራልት ጢሙን እየተላጨ አንድ ጄኔራል ይጠይቀዋል። ባለፈው ክፍል ከማን ጎን ቆምክ? ሌቶ የሚባለውን ነፍሰ ገዳይ ገደልከው ወይስ ተውከው? የመለስከው ይመዘገባል። ሌቶን ተውኩት ካልክ ሌቶ መንገድ ላይ ያገኝሃል። ደስ ይላል። ግን በሁለተኛው ክፍል ግማሹን ጌም የቀየረው ምርጫ ኢዮርቬት ከሚባለው የዐማፅያን መሪ ጋር መቆም ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ኢዮርቬት ጭራሽ የለም። ይጠይቁሃል፣ ትመልሳለህ፣ ያ መልስ ግን ብዙም አይሸከምም። በጀቱ ያው በጀት ነው።

ወደ ዴውስ ኤክስ ልመለስ፣ ምክንያቱም ታሪኩ አላለቀም። በ2011 ሦስተኛው ክፍል መጣ። ሂዩማን ሬቮሉሽን። ሠሪዎቹ ሌሎች ናቸው። ከኢንቪዝብል ዋር ቀጥሎ ምን ሆነ የሚለውን አልነኩትም። ወደ ኋላ ሄደው 2027 ላይ ጀመሩ። ኢንቪዝብል ዋር ራሱ አራት ፍጻሜ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የተናገረ ክፍል እስካሁን የለም። ይህ ራሱ መልስ ይመስለኛል። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ እንደገና ለመደባለቅ ማንም አልደፈረም።

ግን ወደ ኋላ የሄደውም ጌም አራት ፍጻሜ ይዞ መጣ። ፓንቻያ የሚባል ባሕር ላይ የቆመ ግዙፍ ግንባታ ውስጥ፣ አዳም ጄንሰን ለዓለም የትኛውን ታሪክ እንደሚያሰራጭ በአዝራር ይመርጣል። እውነቱን ይናገር? ጥፋቱን በአንዱ ወገን ያሳብብ? በመድኃኒት ያሳብብ? ወይስ ሁሉንም ባሕር ውስጥ ያስጥመው? በ2016 ደግሞ ተከታዩ፣ ማንካይንድ ዲቫይድድ፣ ወጣ። ታሪኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ፕራግ ላይ ነው። ጄንሰን በሕይወት አለ።

እነዚህኞቹ ያደረጉት ብልህ ነገር ነው። ከአዝራሮቹ በፊት ምን እንደሆነ አስታውሱ። ሰውነታቸው ውስጥ ማሽን የተገጠመላቸው ሰዎች በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ አብደው ያገኙትን ሁሉ ገድለዋል። ይህ በአራቱም መንገድ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ሊያስቀረው አይችልም። ተከታዩ ክፍል የቆመው በዚያ ላይ ነው። የሰዉ ፍርሃት፣ የተለየ መቀመጫ፣ የፖሊስ ፍተሻ፣ ከከተማ ማስወጣት፣ ሁሉም የመጣው ከጭፍጨፋው ነው። የትኛው መልእክት እንደተሰራጨ ለታሪኩ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ዛፉን ብታዩት ቅርንጫፎቹን ትተው ግንዱ ላይ ነው የሠሩት።

ከኢንቪዝብል ዋር ይሻላል? ይሻላል። ማንንም አልዋሸም። ግን እውነቱን የመረጠ ተጫዋች አለ። ሰው ይወቀው፣ መዘዙን ይቀበለው ብሎ። እሱስ? አዝራሩ ያን ያህል ቀላል ከነበረ ለምን አስጨነቁን? ለዚህ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። ምናልባት መጀመሪያውኑ ሲሠሩ ተከታይ እንደሚመጣ አስበው፣ አዝራሮቹን ሆን ብለው ቀለል አድርገዋቸው ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ወደ ፖል ልመለስ። ከሁሉ ዘግይቶ የገባኝ ነገር እሱ ጋ ነው ያለው። ሁለተኛው ጌም ሦስቱን ፍጻሜዎች ሲደባልቅ፣ ፖልን ግን አልደባለቀም። መደባለቅ አይቻልም። ሰው ወይ ሞቷል ወይ አልሞተም። ስለዚህ እዚያ አንዱን መረጡ። በሕይወት ያለውን። የወንድሜን። እዚያ ላይ ብቻ ነው በእውነት የወሰኑት፣ ማንም ደግሞ እንደ ፍጻሜ አይቆጥረውም። እኔ ግን ይህን ከሌላው ሁሉ የበለጠ አከብረዋለሁ። ተሸንፌያለሁ፣ ግን የተሸነፍኩት ለአንድ ነገር ነው። በእነሱ ታሪክ ጄሲ በመስኮት አልወጣም። ቀርቶ ተዋግቷል። ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ጌሙን እንደገና ጫንኩት። ወንድሜ አሁን ሌላ አገር ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ማታ ደወልኩለት፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሆቴሉ ጋ ደረስኩ። ፖል "በመስኮት ውጣ" አለኝ። ወንድሜ በስልክ ሰማው። "እንዳትወጣ" አለኝ። አልወጣሁም። አልጋው ጀርባ ተደብቄ፣ ሁለቴ ሞቼ፣ በሦስተኛው ወታደሮቹን ሁሉ ጨረስኳቸው። ፖል ቆሞ ነበር። ወንድሜ እዚያ ሆኖ ጮኸ።

ከስልኩ በኋላ የድሮዎቹን ሴቮች ፎልደር ከፈትኩ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየገለበጥኩ ያቆየኋቸው ናቸው። አንዱ ላይ ጄሲ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሟል፣ ፖል ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። አዲሱን ሴቭ ከሱ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ የድሮውንም አላጠፋሁትም።